የቲቸሯ ደብዳቤ፣ የባሌ እምቢታ እና አንዷ ስልኬ

ጥያቄ፦
ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። የምኖረው ባህር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው አንደኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ ገና 4 ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅቷ ቲቸር ለሁላችንም ወላጆች ደብዳቤ ላከችልን፣ ቤት ውስጥ የሚለማመዱበት ብላ ሦስት ነገር ጽፋለች፣ Feed the Monster የሚባል የአማርኛ ፊደል ጌም፣ Khan Academy Kids እና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ ላይ ያሉ የተረት መጽሐፎች። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ለልጅ አይጎዱም፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉ ይላል። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ባሌ ግን አንብቦ ሲጨርስ "ስልክ እጇ አይገባም፣ አለቀ" አለ። ክረምት ላይ ስልኬን ሰጥቻት ቲክቶክ ገብታ ስንቀማት እራት አልበላም ብላ ያለቀሰችውን አልረሳውም። ደሞ ቤታችን ያለው ስማርት ስልክ የኔ ብቻ ነው፣ ልብስ የምሸጠው በሱ ቴሌግራም ነው፣ ቴሌብሩም ባንኩም እዛው ነው። የወላጆች ግሩፕ ላይ አንዷ እናት ዳታ አትጨርሱ ብላ አፖቹን በፋይል ለቀቀችልን፣ አውርጄዋለሁ ግን አልጫንኩትም። ቲቸሯ ስለልጇ ግድ የላትም እንዳትለኝ እሰጋለሁ፣ ባሌንም ንቄ በጎን መስጠት አልፈልግም። ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከባህር ዳር

መልስ፦
ሰላም የኔ እህት። ወደ ባልሽም ወደ ቲቸሯም ከመሄዳችን በፊት ያንን ፋይል አጥፊው፣ አሁኑኑ ማለቴ ነው፣ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ። የላከችው ሴት ክፉ አስባ አይደለም፣ ዳታ ውድ ስለሆነ ነው፣ ሁላችንም እንደዛ እናደርጋለን። ግን በቴሌግራም የሚዞር የአፕ ፋይል ማን ነካክቶት እንደመጣ አይታወቅም፣ ስሙና ምስሉ የልጆች ጌም ሆኖ ውስጡ ሌላ ነገር ሊገባበት ይችላል፣ ያ ሌላ ነገር ደሞ የሚፈልገው የልጅሽን ፊደል ሳይሆን አንቺ ስልክ ላይ ያለውን ቴሌብርና ባንክ ነው። ምልክቱ ምን መሰለሽ፣ የፊደል ጌም ሆኖ ሳለ የስልክ ቁጥሮችሽን ልይ፣ ኤስኤምኤስሽን ላንብብ ወይም Accessibility የሚባለውን ፍቀጂልኝ ይላል። ልጅ ፊደል ለመለየት የማንም ኤስኤምኤስ አያስፈልጋትም። ፋይሉን ካጠፋሽ በኋላ Settings ገብተሽ መፈለጊያው ላይ unknown apps ብለሽ ጻፊ፣ ቴሌግራም አጠገብ ያለው ከተከፈተ ዝጊው። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶር ላይ ፎቶሽን ነክተሽ Play Protect የሚለው ውስጥ Scan በይው። አልጫንኩትም ስላልሽ ብዙም አትጨነቂ፣ ማውረድ ብቻውን ምንም አያመጣም፣ መጫኑ ነው ጣጣው።

አሁን ወደ ባልሽ። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ "ስልክ እጇ አይገባም" ሲል እምቢ ያለው ትምህርቱን ነው ወይስ የዛን ቀን ማታ የተለቀሰውን ለቅሶ ነው? ካንቺ ጽሑፍ እንደገባኝ ሁለተኛውን ነው። እንደዛ ከሆነ ደሞ ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ቲክቶክ ማለቂያ የለውም፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፣ አዋቂም በግድ ነው የሚተወው እንኳን የ7 ዓመት ልጅ። ቲቸሯም ብትጠየቅ ቲክቶክ አትፈቅድም። ስለዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ሰዎች አይመስሉኝም፣ አንዷ ስለ አፕ ነው የምታወራው፣ አንደኛው ስለ ስልክ። ደብዳቤው ላይ ያሉት ነገሮች ደህና ናቸው፣ ያሉበት ስልክ ግን ያንቺ የሥራ ስልክ ነው፣ ቲክቶክም ደንበኛም ብርም አብሮ ያለበት። መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ይሄን ለባልሽ በወሬ አታስረጂው። በወሬ ከሆነ ትከራከራላችሁ፣ ከዛ እሱ እንዳይሸነፍ ብሎ ይጠነክራል። ይልቅ ከደብዳቤው ላይ ስልክ እጇ ሳይገባ የሚሆነውን ጀምሪ። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ነው ሥራ የጀመረው፣ የኖርዌይ መንግሥት ድጋፍ ያለበት ነው፣ አማርኛም ሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎችም አሉት። digitallibrary.io ብለሽ ትገቢና አማርኛ መርጠሽ የመጀመሪያውን ደረጃ ታያለሽ፣ በገጽ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገርና ትልቅ ሥዕል ያላቸው ናቸው። ጥሩ ነገሩ ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ አውርዶ ማተም አይከለከልም። ሁለት መጽሐፍ በፒዲኤፍ አውርጂና ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ በጥቁርና ነጭ አሳትሚው፣ ሁለት ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት ካደረጉልሽ ብዙም አያስወጣሽም፣ መሃሉን ስቴፕለር አድርጊው። ከዛ ማታ ለአባቷ ስጪው፣ "ቲቸሯ የላከችው ይሄን ነው፣ እስኪ አንብብላት" በይው። ትንሹም ጭኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሥዕሉን ያያል። እሱ ራሱ ከደብዳቤው አንዱን በእጁ ከያዘ በኋላ ስለሌላው ማውራት በጣም ይቀላል፣ ይሄን ከብዙ ቤት አይቻለሁ።

ከቀሩት ሁለቱ ደሞ ሁለቱንም ባንዴ አትጫኚ። የትኛው ይቅደም ለማለት ልጅሽ የት ላይ እንዳለች ማየት አለብን፣ ለዚህ ስልክም አያስፈልግሽም። ወረቀት ላይ ሚ፣ ሱ፣ ለ፣ ሮ፣ ብ፣ ቴ፣ ና ብለሽ እንዲህ ተዘበራርቀው ጻፊ። ሚ ላይ ጣትሽን አድርጊና ምንድነው በያት፣ ከዛ መልሷን ሳይሆን ከንፈሯን እዪ። ወዲያው ሚ ካለች ጥሩ ነው። ግን "መ፣ ሙ..." ብላ በሹክሹክታ ጀምራ ሚ ላይ ከደረሰች ፊደሏን እያወቀቻት አይደለም፣ በዜማው እየቆጠረች ነው የምትደርስባት። አንደኛ ክፍል ያሉ ልጆች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፣ ገበታውን በዜማ ሲሉት ለሰሚው የሚያነቡ ይመስላል፣ ከመሃል አንዷን ስትነጥይላቸው ይጠፋባቸዋል። ቃል ማንበብ ላይ ይሄ ይገድላል፣ ሰላም የምትለዋን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው መቁጠር ነው፣ ላ ላይ ስትደርስ ሰ ጠፍታለች።

እንደዚህ ከሆነች እንግዲህ የሚቀድመው Feed the Monster ነው። ጌሙ ቀላል ነው፣ ድምፅ ያሰማታል፣ ፊደሎች ይመጣሉ፣ የሰማችውን መርጣ እየጎተተች ለጭራቁ አፍ ታጎርሰዋለች፣ ጭራቁ በበላ ቁጥር ያድጋል። (ጭራቅ ሲባል እንዳትደነግጪ፣ አስቂኝ ፍጥረት ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል።) ፊደሎቹ በገበታው ተራ ስለማይመጡ ዜማው እዛ አይሠራም፣ ቁጥሩን ትታ መልኳን መለየት ግድ ይሆንባታል፣ እኔ ለሷ የምፈልገውም እሱን ነው። በመጀመሪያ የተሠራው ከሶሪያ ለተሰደዱ ልጆች በአረብኛ ነበር፣ ከዛ Curious Learning የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በብዙ ቋንቋ አወጣው። ፕሌይ ስቶር ላይ Feed the Monster Amharic ብለሽ ፈልጊ፣ ከስሙ ሥር Curious Learning የሚል ካላየሽ አትንኪው። የእንግሊዝኛውም ስለሚመጣ የአማርኛው መሆኑን አረጋግጪ። ሀሁ ምናምን የሚል ስም ያላቸው ሌሎች ብዙ አፖችም አብረው ይደረደሩልሻል፣ አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን ከስማቸው ሥር Contains ads የሚል ካለባቸው ለአሁኑ እለፊያቸው፣ ልጅ ፊደል ስትነካ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን የውርርድ ማስታወቂያ የሚያመጡ አሉ።

ማውረዱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አድርጊው፣ ዘመድ ቤትም ይሁን ሐይቅ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ቡና እየጠጣሽ፣ ካልሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ። ወርዶ እንዳለቀ ግን ዘግተሽው አትሂጂ፣ እዛው ክፈቺውና ሦስት አራት ደረጃ ራስሽ ተጫወቺ፣ አንዳንድ አፕ ቀሪውን የሚያወርደው መጀመሪያ ሲከፈት ነውና ቤት ሄደሽ ባዶ ስክሪን እንዳይጠብቅሽ። ድምፁንም በዚሁ ስሚው፣ ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ ተለይተው ይሰሙሻል ወይ? ከዛ የአውሮፕላኑን ምልክት አብሪና ድጋሚ ክፈቺው። ያለ ኢንተርኔት ከሠራ ለቤታችሁ ይሆናል ማለት ነው። እኛ ሀገር ይሄ ፈተና የግድ ነው፣ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ስንት ወር እንደከረመ ታውቂዋለሽ።

ቀጥሎ ስልኩን ማሰር ነው፣ ባልሽን የሚያሳምነውም ይሄ ይመስለኛል። አንድሮይድ ስልኮች ላይ አንድ አፕ ብቻ ከፍቶ ሌላውን ሁሉ የሚዘጋ ነገር አለ። Settings ላይ pin ብለሽ ስትፈልጊ App pinning ወይም Screen pinning የሚል ይመጣልሻል፣ ሳምሰንግ ላይ ስሙ ትንሽ ይለያል። አብሪው፣ ከሥሩ Ask for PIN before unpinning የሚለውንም አብሪው፣ እሱን ከረሳሽ ሁሉም ከንቱ ነው። ከዛ ጌሙን ክፈቺ፣ የተከፈቱ አፖች የሚታዩበትን አምጪ፣ የጌሙን ትንሽ ምስል ከላይ ስትነኪው Pin የሚል ያወጣልሻል። ከዚህ በኋላ ሆም ብትነካም ከጌሙ አይወጣም፣ ለመውጣት ከታች ወደ ላይ ጎትቶ መያዝ ወይም የኋላውንና የአፖቹን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ መቆየት ነው፣ ያኔ ቁጥርሽን ይጠይቃል። ቁጥሩን ልጅሽ የምታውቀው ከሆነ (ታውቀዋለች፣ ልጆች ጣታችንን ነው የሚያዩት) ዛሬ ቀይሪው፣ ከቴሌብርሽ ቁጥርም የተለየ ይሁን። ዳታውንም አጥፊ፣ ምክንያቱም የታሰረ አፕ ውስጥም የሚነካ ሊንክ ካለ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስድ ይችላል፣ ኢንተርኔት ከሌለ ግን የሚከፈት ነገር የለም። ዳታ ሲጠፋ ስልክ መደወል አይቆምም፣ ደንበኛ የቸኮለ ከሆነ ይደውልልሻል፣ የቴሌግራሙ ትዕዛዝ ደሞ ዳታ ስትከፍቺ ይገባል።

አሁን ማታ ባልሽ አረፍ ሲል ስልኩን አስረሽ ስጪው። "ከዚህ ወጥተህ ቲክቶክን ክፈትልኝ እስኪ" በይው። ይሞክር፣ አትርጂው አትሳቂበትም። ሞክሮ ካቃተው ራሱ አይቶታል፣ አንቺ የምትጨምሪው ነገር የለም። ከከፈተው ደሞ ያቺ Ask for PIN የምትለዋ አልበራችም ማለት ነውና ልጅቷ ሳታገኘው እሱ ስላገኘው አመስግኚው። ከዛ በኋላም እምቢ ካለስ? እንግዲህ ለአንድ ሁለት ሳምንት ብቻ፣ እሱ ባለበት ሰዓት ብቻ ይሞከር በይው፣ ሲያልቅ እሱ ይወስን። ያም ካልሆነ በታተመው መጽሐፍና በተዘበራረቁት ፊደሎች ቀጥዪ፣ ልጅሽ ከትምህርት አትቀርም፣ እሱን ደብቆ መስጠት ግን እንዳልሽው ይቅርብሽ፣ ትንሹ ልጅ አንድ ቀን ይናገርብሻል።

ከተስማማችሁ ሰዓቱን አንቺ ሥራ የማይበዛብሽ ጊዜ ላይ አድርጊው፣ ለምሳሌ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ከእራት በፊት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ግን ለልጅቷ በደቂቃ አትንገሪያት፣ በደረጃ ንገሪያት፣ "ሁለት ደረጃ አጉርሰሽው ከዛ እራት" በያት። ክረምት ላይ ያለቀሰችው እኮ ከመሃል ስለተቀማች ነው፣ ቲክቶክ መጨረሻ ስለሌለው ሁሌም ከመሃል ነው የምትቀሚያት። ጌሙ ግን ደረጃው ያልቃል፣ ራሷ ጨርሳ ራሷ እጅሽ ላይ ታስቀምጠዋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልታለቅስ ትችላለች፣ አንድ ደረጃ ብቻ ብላ ትለምንሻለች፣ እዛ ላይ አንዴ ከለቀቅሽ በየቀኑ ነው የምትለምንሽ። አጠገቧ ተቀመጪ፣ ስትሳሳት አንቺ አትንኪላት፣ የሳተቻቸውን ፊደሎች ግን ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። ለምሳሌ ሱን አውቃ ሩ ላይ ከተደናገረች አትፍረጂባት፣ ሱ ላይ ጭረቷ ከጎን መሃል ላይ ናት፣ ሩ ላይ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ልጅ የተማረችውን ሕግ ሩ ታፈርስባታለች። ሳድሶቹም እንደዚሁ ናቸው፣ ል፣ ም፣ ር፣ ብ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚለወጡት፣ አንድ በአንድ ከመልመድ ውጪ መንገድ የለውም።

ትንሹን በተመለከተ፣ እሱ አይቶ ብቻ ይለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል፣ ቴሌቪዥኑም እዛ ውስጥ ይቆጠራል። የኔን ጨምሪ ብባል ጭቃና ኳስ ይሻለዋል እላለሁ።

Khan Academy Kids ይቆይ፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም ክፍያም የለውም፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው የተሠራው። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጅሽ ብቻዋን ብታገኘው ያላትን ሳትሰማ የነካችው ሁሉ ስለሚንቀሳቀስ ዝም ብላ ትነካካዋለች፣ ያ ደሞ ቲክቶክ ባይሆንም ዘመዱ ነው። ስልክሽ ላይ ጠቀም ያለ ቦታ ይይዛል፣ ያለ ኢንተርኔትም ሁሉም ነገሩ አይሠራም። ፊደሉ ሲረጋላት፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ ታላቅ ልጅ ወይ የአክስት ልጅ ቅዳሜ ከመጣ አብረው ይክፈቱት። ሲከፈት የአዋቂ ኢሜይል ይጠይቃል፣ ያንቺን ስጪ፣ የልጅቷ ስም ላይ ግን የቤት ስሟን ጻፊ፣ ሙሉ ስም አያስፈልገውም።

ቲቸሯን ደሞ አትፍሪያት። ሦስቱንም ጭነሻል ወይ ብላ የምትቆጥር አይመስለኝም፣ ደብዳቤ የጻፈ አስተማሪ ከወላጅ የሚጠብቀው ትልቁ ነገር መልስ ነው፣ ከክፍሉ ስንቱ እንደሚመልስላት ብታዪ ታዝኛለሽ። እንዲህ ብለሽ ላኪላት፦

"ሰላም ቲቸር፣ ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ቤት ያለው ስልክ አንድ ስለሆነና የሥራም ስለሆነ ለጊዜው በፊደል ጌሙና በታተመ መጽሐፍ ጀምረናል። ቤት ውስጥ ሳያት ፊደሉን በተራ ትለዋለች፣ ሲዘበራረቅ ግን ከመጀመሪያው እየቆጠረች ነው የምትደርስበት። ሩ እና ሳድሶቹ ላይ ትቸገራለች። ክፍል ውስጥ እርስዎም እንደዚህ አይተውባታል? በዚህ ሳምንት የትኞቹ ላይ ብናተኩር ይሻላል? አንድ ነገር ደሞ፣ አፖቹ በፋይል ግሩፕ ላይ እየተላኩ ስለሆነ ወላጆች ከፕሌይ ስቶር ብቻ እንዲያወርዱ ቢያስታውሱልን ጥሩ ነው።"

የሳተቻቸውን ከወረቀትሽ ላይ አይተሽ ቀይሪው፣ እኔ ለምሳሌ ነው የጻፍኩት። የመጨረሻዋን ከሷ አፍ ቢሰሙት ይሻላል፣ አንቺ ግሩፑ ላይ ብትጽፊው ፋይሉን የላከችውን እናት ያሳፍራታል።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ያንን ወረቀት አምጪና ሌላ ሰባት ፊደል ጻፊ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሳተቻቸውንም ቀላቅይበት፣ አባቷ ይጠይቃት። ከንፈሯ መቁጠር ከተወ ጌሙ ሠርቷል፣ ቀጥሉ። አሁንም መ፣ ሙ እያለች ከሆነ ጌሙ ላይ ጊዜ አትጨምሩ፣ ወረቀቱን ለቲቸሯ ላኪላት፣ ከዛ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ባልሽ ቲክቶክን ከፈተው ወይስ አቃተው እሱንም ልስማ።